ስንት ፊልትሮ ይበቃል?

ሶማሌ ተራ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ላይ አንድ መካኒክ የእጁን ዘይት በጨርቅ እየጠረገ ይቆማል። «ጋሼ፣ የዘይት ፊልትሮ አለ?» ይላል። «አልቋል ልጄ፤ ዕቃው ጅቡቲ ደርሷል፣ በሳምንቱ ብቅ በል» ይሉታል ባለሱቁ። መካኒኩ ሳምንት አይጠብቅም። ሦስት በር አልፎ ሌላ ሱቅ ይገባል፤ ደንበኛውም የመኪናው ኮፈን እንደተከፈተ ይጠብቀዋል።

ባለሱቁ ለዚህ ችግር የሚሰጡት መፍትሔ ብዙዎች የሚሰጡት ነው፦ «በሚቀጥለው ትንሽ ጨምረን እናዛለን።» ጥያቄው ያ «ትንሽ» ስንት ነው የሚለው ነው። ካነሰ መካኒኩ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ከበዛ ደግሞ ብር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ለዚህ ለሁለት ወገን ጭንቀት የሂሳብ መልስ አለው። ነጋዴዎች መጠባበቂያ ክምችት ይሉታል፤ የሚሰላውም በደመ ነፍስ ሳይሆን ሱቁ ራሱ ካስቀመጣቸው ወረቀቶች ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ እንውሰድ። ከአንድ ዓይነት ፊልትሮ በአማካይ በሳምንት 60 ይሸጣል። አንዳንዱ ሳምንት 40፣ አንዳንዱ 80 ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሳምንታዊው ሽያጭ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቀው በ20 ፊልትሮ ነው እንበል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህንን «የተለመደ ርቀት» መደበኛ ልይይት ወይም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሉታል።

ሁለተኛው ቁጥር ከትዕዛዝ እስከ መጋዘን ያለው ጊዜ ነው። አስመጪው ያለፉትን ዘጠኝ ትዕዛዞች ፋይል አውጥቶ ፕሮፎርማው ከጸደቀበት ቀን አንሥቶ ካርቶኑ መጋዘን እስከገባበት ቀን ያለውን ሳምንት ይቆጥራል። 12፣ 13፣ 14፣ 15፣ 16፣ 17፣ 17፣ 18 እና 22 ሳምንት ሆኖ አገኘው። አማካዩ 16 ሳምንት ነው። ልይይቱን ለማግኘት እያንዳንዱ ከ16 ስንት እንደራቀ ይጻፋል፤ ርቀቱ በራሱ ይባዛል፤ ሁሉም ሲደመር 72 ይመጣል። ይህ ከትዕዛዞቹ ብዛት አንድ ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል 9 ይሆናል፤ የ9 ስኩዌር ሩት ደግሞ 3 ነው። ስለዚህ የመዘግየቱ መደበኛ ልይይት 3 ሳምንት ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በ`STDEV.S` በአንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ግን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራቱ አይጎዳም። ያቺ 22 ብቻዋን ከ72ቱ 36ቱን ይዛ እንደመጣች የሚታየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሽያጩ መዋዠቅ በሳምንት 20 ከሆነ በ16 ሳምንት ስንት ይሆናል? 16 በ20 ተባዝቶ 320 የሚል ይኖራል። አይደለም። አንዱ ሳምንት ቢያንስ ሌላው ይበዛል፤ ጥሩውና መጥፎው እየተቻቻለ ይሄዳል። ስለዚህ የሚባዛው በ16 ሳይሆን በ16 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ4 ነው፤ ውጤቱ 80 ፊልትሮ ይሆናል።

መዘግየት ግን እንዲህ አይቻቻልም። ኮንቴይነሩ ሦስት ሳምንት ሲዘገይ የሦስቱም ሳምንት ሽያጭ አብሮ ይመጣል፤ 3 በ60 ሲባዛ 180 ፊልትሮ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያካክስ «ጥሩ ሳምንት» የለም፤ ዕቃው አልደረሰም፣ ደንበኛው ግን በየቀኑ ይመጣል።

ታዲያ 80ና 180 ተደምረው 260 ሊሆኑ ነው? እሱም ትክክል አይደለም። ገበያው የሚደራበትና መርከቡ የሚዘገይበት ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይገጥምም። ግንበኛ ማዕዘን ሲያወጣ በአንዱ ወገን 3፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ በአግድመቱ 5 እንጂ 7 እንደማያገኘው ሁሉ እነዚህም የሚደመሩት በዚያው ደንብ ነው። 80 በራሱ ሲባዛ 6,400፣ 180 በራሱ ሲባዛ 32,400፤ ድምሩ 38,800። የዚህ ስኩዌር ሩት 197 ገደማ ነው። ሁለቱ ጥርጣሬዎች ባንድ ላይ ሲታዩ የሚሰጡት ስፋት ይህ ነው።

የቀረው የባለሱቁ ውሳኔ ነው፦ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይፈልጋሉ? ዕቃው እስኪገባ ሳይጨርሱ የመቆየት ዕድል የአገልግሎት ደረጃ ይባላል። ለ95 በመቶ 197ን በ1.65 ማባዛት ነው፤ 325 ፊልትሮ ይመጣል። ይህ ማባዣ የደወል ቅርጽ ካለው የታወቀ ሰንጠረዥ የሚነበብ ሲሆን ቀመሩ በሙሉ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
SS = Z × √( L × σd² + d² × σL² )

=NORM.S.INV(0.95)*SQRT(16*20^2+60^2*3^2)
```

የመጀመሪያው መስመር ለወረቀት፣ ሁለተኛው ለኤክሴል ነው። ኤክሴል 324 ይላል፤ የአንድ ፊልትሮ ልዩነት የመጣው 1.645ን ወደ 1.65 ስላጠጋጋነው ነው። ለ16 ሳምንት የሚያስፈልገው አማካይ ሽያጭ 960 ስለሆነ በመጋዘን ያለው፣ በመንገድ ካለው ትዕዛዝ ጋር ተደምሮ፣ 1,285 ሲደርስ አዲስ ትዕዛዝ ይላካል።

«ለምን 95? ለምን 100 አይሆንም?» ማለት የዋህ ጥያቄ አይደለም። ለ90 በመቶ 252 ፊልትሮ ይበቃል። ከ90 ወደ 95 ለመውጣት 73 ይጨመራል። ከ99 ወደ 99.9 ለመውጣት ግን ከ459 ወደ 609 መሄድ አለበት፤ አንድ በመቶ ለማይሞላ ዕድል 150 ፊልትሮ! አንዱ ፊልትሮ 600 ብር ቢያስገባ 90,000 ብር ማለት ነው። መቶ በመቶ የሚባለውን ደግሞ ሰንጠረዡ አይሰጥም፤ ቁጥሩ መጨረሻ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም 95 በመቶን ሲተረጉም ነው። ከመቶ ደንበኛ አምስቱ ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት አይደለም። ከመቶ የትዕዛዝ ዙር በአምስቱ ዕቃው ሳይገባ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። አስመጪያችን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 1,040 ፊልትሮ የሚያዝ ከሆነ ሃያ ዙር ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአማካይ አንድ ጊዜ ይጨርሳል። በፊልትሮ ከተቆጠረ የሚጎድለው በአንድ ዙር በአማካይ 4 ገደማ ነው። «95» ሲባል የደነገጠ ባለሱቅ እዚህ ላይ ትንሽ ሊረጋጋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቁጥሮቹን እየቀያየሩ ማየት ነው። አስመጪው ሽያጩን እንደ ነቢይ ቢተነብይና የገበያው መዋዠቅ ዜሮ ቢሆን መጠባበቂያው ከ325 ወደ 297 ብቻ ይወርዳል። ፈጣን አጓጓዥ አግኝቶ አማካዩን ከ16 ወደ 9 ሳምንት ቢያሳጥር፣ ግን ያው የ3 ሳምንት መዋዠቅ ቢቀር፣ 313 ይሆናል፤ በመንገድ ላይ የሚታሰረው ብር ይቀንሳል እንጂ መጠባበቂያው ያው ነው። አሁን ደግሞ አማካዩ እዚያው 16 ላይ ይቆይና መዋዠቁ ከ3 ወደ 1 ሳምንት ይውረድ። 6,400 ሲደመር 3,600፣ አሥር ሺህ፤ ስኩዌር ሩቱ 100፤ መጠባበቂያው 165። በግማሽ ወረደ። ለዚህ አስመጪ ቀጠሮውን የሚያከብር ቀርፋፋ መንገድ ቀን ከማይታወቅለት ፈጣን መንገድ ይሻለዋል።

የኢትዮጵያ አስመጪ ይህን ሳይሰላም ያውቀዋል። የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ነው፤ ከባንክ ወረፋ እስከ ፋብሪካው፣ ከመርከብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከጉምሩክ እስከ መጋዘን የየራሱ ሰዓት ያለው ሰንሰለት ነው። ረጅሙ ደረጃና በጣም የሚዋዥቀው ደረጃ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። መርከብ በባሕር ላይ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ግን ከተነገረው ቀን ብዙ ላይርቅ ይችላል። አንድ ያልተሟላ ሰነድ በሁለት ቀን ሊያልቅ ወይም አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። የመዘግየቱን ቀን በየደረጃው ለይቶ የጻፈ ሰው የ3 ሳምንቱ መዋዠቅ ከየት እንደመጣ ያገኘዋል።

ቀመሩ የማያየውም አለ። የደወል ቅርጹ መቅደምና መዘግየት እኩል ይሆናሉ ብሎ ያስባል፤ ዕቃ ግን ቢቀድም አራት ሳምንት ነው፣ ቢዘገይ ስድስትም አሥርም ሊሆን ይችላል። ያቺን 22 «የማይደገም አጋጣሚ» ብሎ ከስሌቱ የሚያወጣ ሰው ራሱን ያታልላል። በሌላ በኩል ሥርዓቱ ራሱ ሲለወጥ የድሮው መዝገብ ዋጋ ያጣል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ውጭ ምንዛሪ የሚገኝበት መንገድ ተቀየረ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የባንክ ወረፋ ከዚያ በኋላ ካለው ጋር ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት ሁለት የተለያየ አገር እንደመቀላቀል ነው። የመለኪያ መደባለቅም አለ፦ ሽያጩን በሳምንት፣ ጉዞውን በቀን የያዘ ሰው 16 በሚገባበት 112 ያስገባና የሽያጩ መዋዠቅ ከ80 ወደ 212 ያሻቅብበታል።

በጣም ስውሩ ስሕተት ግን ያለው በመግቢያው ላይ ባየነው መካኒክ ዘንድ ነው። ፊልትሮው ባለቀበት ሳምንት ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሽያጭ ዜሮ ነው። አማካዩ በዚያ ዜሮ ወደ ታች ይጎተታል፤ ቀጣዩ ትዕዛዝ ያንሳል፤ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ይሆናል። ደብተሩ የሚያውቀው የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ባለሱቅ ቀመሩን ከመንካቱ በፊት ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምር፤ «የለም» የተባለው ደንበኛ በምን ቀን እንደመጣና ስንት ፊልትሮ እንደፈለገ ይጻፍበት።