ከ1000 ብር ጀምሮ

ለፕሮግራመርነት የሚወዳደር ሰው ባዶ ስክሪን ተሰጥቶት «ጻፍ» መባልን ይጠብቃል። አንዳንድ ቀጣሪዎች ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ከፊቱ አስቀምጠው «አንብብና አስተያየትህን ስጥ» ይሉታል። ኮዱ የሚቀርበው በፑል ሪኩዌስት መልክ ነው፤ አንድ ባልደረባ «ይህን ለውጥ ሠርቻለሁ፣ ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት እዩልኝ» ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ ማለት ነው። ተፈታኙ በየመስመሩ ሥር አስተያየቱን ይጽፋል።

የአንድ የኢንተርኔት ሱቅን ምሳሌ እንውሰድ። ከለውጡ ጋር የመጣው ማብራሪያ «ሂሳቡ 1000 ብርና ከዚያ በላይ ሲሆን 10 በመቶ ቅናሽ ይደረግ፤ ኩፖን ካለ ይቀነስ» ይላል። ኮዱ እነሆ፦

```python
def calc(items, c=None):
    t = 0
    for i in items:
        t += i.price * i.qty
    if t > 1000:
        t = t * 0.9
    if c:
        t = t - c.value
    return t
```

ቴስቱም፣ ማለትም የኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሸው ሌላው ኮድ፣ አብሮ ቀርቧል፦

```python
def test_calc():
    assert calc([Item(500, 1)]) == 500
    assert calc([Item(2000, 1)]) == 1800
```

ሁለቱም መስመሮች ያልፋሉ። ብዙ ተፈታኝ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቴስቱ ስላለፈ ኮዱ ደህና ይመስለዋል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ስሞቹ ይሄዳል። `t` እና `c` ምንም አይናገሩም፣ `total` እና `coupon` ቢባሉ ይሻላል ብሎ ይጽፋል። እውነቱን ነው፤ ነገ ይህን ኮድ የሚከፍት ሰው `c` ምን እንደሆነ ለማወቅ እስከ ታች መውረድ አለበት። ነገር ግን በመጥፎ ስም ምክንያት የደንበኛ ገንዘብ አይጎድልም።

ገንዘብ የሚጎድለው `if t > 1000` ላይ ነው። ማብራሪያውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ልክ 1000 ብር የገዛ ደንበኛ ቅናሹ ይገባዋል፣ ይህ ምልክት ግን ይከለክለዋል። ማብራሪያውን የዘለለ ሰው ኮዱን አሥር ጊዜ ቢያነበውም ስህተቱን አያገኘውም፤ ኮዱ ለብቻው ሲታይ ምንም እንከን የለበትምና። ስለዚህ ንባቡ ከማብራሪያው መጀመር አለበት።

አስተያየቱ እንዴት ይጻፍ? «ይህ ስህተት ነው» ማለት ለጸሐፊው አይረዳውም። «ማብራሪያው 1000 ብርን ይጨምራል። እዚህ ግን ሂሳቡ ልክ 1000 ሲሆን 900 መመለስ ሲገባው 1000 ይመልሳል። `>=` ቢሆንስ?» የሚለው ግን ቁጥሩን ስለያዘ ጸሐፊው ራሱ ሞክሮ ማረጋገጥ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ኩፖኑ ላይ ነው። የ100 ብር ዕቃ የገዛ ሰው የ150 ብር ኩፖን ቢያቀርብ ውጤቱ ከዜሮ በታች 50 ይሆናል፤ ሱቁ ለደንበኛው ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለመያዝ መስመሩን ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ ቁጥር አስገብቶ በእጅ ማስላት ይጠይቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንደ ስህተት መጻፍ የለበትም፣ በጥያቄ ይቅረብ። ሂሳቡ 1200፣ ኩፖኑ 100 ቢሆን፣ ኮዱ ቅናሹን አስቀድሞ 980 ብር ያስከፍላል። ኩፖኑ ቢቀድም 990 ይሆን ነበር። ማብራሪያው የትኛው እንደሚቀድም ስላልተናገረ፣ «ቅደም ተከተሉ ታስቦበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ከሚፈርድ ተፈታኝ ይልቅ፣ በቦታው የሚጠይቀውን እመርጣለሁ።

ኮዱን ራሱ እንደገና ወደ መጻፍ የሚሮጥም አለ። የአይቢኤሙ ማይክል ፋጋን እ.ኤ.አ. በ1976 የኮድ ፍተሻን ሥርዓት በጽሑፍ ሲያወጣ፣ የፍተሻው ስብሰባ ስህተት ለማግኘት እንጂ መፍትሔ ለመፈለግ እንዳልሆነ ለይቶ አስቀምጧል። በፈተናውም ላይ እንደዚያው ነው፤ አንዱን ፋንክሽን ሲያሳምር ሰዓቱ ያለቀበት ሰው ኩፖኑ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ክብደትን መለየትም አለ። በጉግል የኮድ ግምገማ መመሪያ ውስጥ፣ ግዴታ ያልሆነ ጥቃቅን አስተያየት `Nit:` ተብሎ እንዲጀምር ይመከራል። የስሞቹ ጉዳይ በዚህ ምልክት ሊጻፍ ይችላል፤ የ1000 ብሩና የኩፖኑ ግን ካልተስተካከሉ ለውጡ መቀላቀል የለበትም። አሥራ ሁለት አስተያየት በእኩል ድምፅ ከተደረደረ፣ ጸሐፊው የቱን መጀመሪያ እንደሚነካ አያውቅም።

የጎደለው ቴስት ከስህተቶቹ ጋር የተያያዘ ነው። የተሞከሩት 500 እና 2000 ሁለቱም ከድንበሩ ርቀው የቆሙ ናቸው፤ ኩፖን ጭራሽ አልተነካም። «ተጨማሪ ቴስት ያስፈልጋል» ከማለት የሚጎድሉትን በስም መጥራት ይሻላል፦ 999፣ 1000፣ ከሂሳቡ የሚበልጥ ኩፖን፣ ባዶ ዘንቢል። ጥሩ ተፈታኝ አንዱን ጽፎ ያሳያል፦

```python
assert calc([Item(1000, 1)]) == 900
```

ይህች መስመር አሁን ባለው ኮድ ላይ ብትሮጥ ትወድቃለች። `>` ወደ `>=` ሲቀየር ታልፋለች።