ከ120 ዶላሩ ጀርባ ያለው 380

ትዕዛዙን ልከው ገበያው ከተቀበለዎ፣ ገና ምንም ሳይሆን 120 ዶላር ሂሳብዎ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ወደ ኦፕሽን ንግድ ሲገባ በመጀመሪያ የሚማርከው ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ጣጣው ወደ ኋላ ይቀራል። የአሜሪካ ብሮከሮች «ቡል ፑት ክሬዲት ስፕሬድ» የሚሉት ውል የዚህ ዓይነት ነው። ስሙ ቢረዝምም ሒሳቡ መደመርና መቀነስ ከሚያውቅ ሰው አቅም በላይ አይደለም። ችግር የሚፈጠረው ሒሳቡን ጨርሶ «ከዚህ በላይ አልከስርም» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ፑት ማለት አንድን አክሲዮን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ ለመሸጥ የሚያስችል መብት ነው። መብቱን የገዛው ሰው ሲያሻው ይጠቀምበታል፣ ካላሻው ይተወዋል። የሸጠለት ሰው ግን ግዴታ አለበት፤ «ግዛኝ» ሲባል በተስማማበት ዋጋ መግዛት አለበት። ያ የተስማሙበት ዋጋ ስትራይክ ይባላል፤ ለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ፕሪሚየም ነው። የቺካጎው ገበያ ኦፕሽንን በአንድ ወጥ ውል ማገበያየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ፑት የተጨመረው በ1977 ነው። በተለምዶ አንድ ውል 100 አክሲዮን ይወክላል። ስለዚህ ስክሪን ላይ 1.20 ተብሎ የሚታየው ዋጋ በእጅ ሲቆጠር 120 ዶላር ነው፤ ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። አንድ አክሲዮን በ104 ዶላር እየተሸጠ ነው እንበል። እርስዎ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ከ100 በታች አይወርድም ብለው ያምናሉ። ይጨምራል ማለትዎ አይደለም፤ ባለበት ቢቆም፣ ትንሽ ቢወርድም እንኳ ግድ የለዎትም። ስለዚህ ስትራይኩ 100 የሆነውን ፑት በ2.10 ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ከባድ ሸክም ተሸክመዋል፤ ድርጅቱ ከስሮ አክሲዮኑ ወደ 10 ዶላር ቢወርድ በ100 የመግዛት ግዴታ አለብዎት። ያንን ለመገደብ፣ በዚያው ቀን የሚያበቃና ስትራይኩ 95 የሆነ ሌላ ፑት በ0.90 ይገዛሉ። ልክ ኢንሹራንስ የሸጠ ድርጅት ራሱም ሌላ ዘንድ ኢንሹራንስ እንደሚገባው ማለት ነው። ከ2.10 ላይ 0.90 ሲቀነስ 1.20 ይተርፋል። መቶ አክሲዮን ስለሆነ 120 ዶላር። ይህ ክሬዲቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ትርፍ የለም።

ከፍተኛው ኪሳራ የሚወጣው ከሁለቱ ስትራይኮች ልዩነት ነው። አክሲዮኑ የፈለገውን ያህል ቢወድቅ፣ በ100 እንዲገዙ ሲገደዱ እርስዎም በተራዎ በ95 መሸጥ ይችላሉ። በአንድ አክሲዮን 5 ዶላር፣ በውሉ 500 ዶላር ይሄዳል። ከዚያ ላይ ቀድሞ የተቀበሉት 120 ይነሳለታል።

```
(100 - 95) x 100 = 500
500 - 120 = 380
100 - 1.20 = 98.80
120 / 380 = 0.316
```

ሁለተኛው መስመር ከፍተኛው ኪሳራ ነው፤ 380 ዶላር። ብሮከሩም ውሉ እስኪዘጋ ድረስ በመያዣነት የሚያግደው ይህንኑ ያህል ነው። ሦስተኛው መስመር ብሬክኢቨን የሚባለው፣ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ዋጋ ነው። ከሸጡት ስትራይክ ላይ በአንድ አክሲዮን የተቀበሉትን ይቀንሳሉ፤ 98.80 ይመጣል። የገዙት 95 እዚህ ስሌት ውስጥ በቀጥታ አይገባም፤ ሥራውን የሠራው ክሬዲቱን በማሳነስ ነው።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማየት የማብቂያውን ቀን በዓይነ ሕሊና መመልከት ይበቃል። አክሲዮኑ 102 ላይ ቢዘጋ ሁለቱም ፑት ዋጋ ቢስ ይሆናሉ፤ 120ው የእርስዎ ነው። 98.80 ላይ ቢዘጋ የሸጡት ፑት 1.20 ያወጣል፤ የተቀበሉትን መልሰው ባዶ እጅዎን ይወጣሉ። 97 ላይ ቢዘጋ የሸጡት 3 ዶላር ያወጣል፤ 300 ሲቀነስ 120፣ ኪሳራው 180 ነው። 92 ላይ ቢዘጋ የሸጡት 8 ዶላር፣ የገዙት 3 ዶላር ያወጣሉ፤ ልዩነቱ 5 ነውና ኪሳራው 380 ላይ ይቆማል። 60 ቢሆንም ያው 380።

አራተኛው መስመር ለአደጋ ካጋለጡት ገንዘብ አንጻር ትርፉ ስንት መቶኛ እንደሆነ ይነግራል። 31.6 በመቶ፣ ያውም በአንድ ወር! በእኔ እምነት ከሦስቱ ቁጥሮች ሁሉ ሰውን በቀላሉ የሚያታልለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የባንክ ወለድ ይመስላል። ወለድ ግን አይደለም። በውርርድ ላይ ሲያሸንፉ ስንት፣ ሲሸነፉ ስንት የሚል ንጽጽር ነው። ተመሳሳይ ውል መቶ ጊዜ ገቡ እንበል፤ ለቀላልነቱ ውጤቱ ወይ ሙሉ ትርፍ ወይ ሙሉ ኪሳራ ይሁን። 76 ጊዜ ቢያሸንፉ 9,120 ዶላር ያገኛሉ። በቀሩት 24 ጊዜያት ቢሸነፉ ደግሞ 9,120 ዶላር ይከስራሉ። ከመቶ 76 ጊዜ አሸንፎ እጅ ላይ ምንም አልቀረም! አንድ ሙሉ ኪሳራ የሦስት ወር ትርፍ በልቶ ገና ከአራተኛውም ይቀነጥባል። ስለዚህ 31.6 የሚለው ቁጥር ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይደለም። የሸጡትን ስትራይክ ወደ ገበያው ዋጋ ባስጠጉ ቁጥር መቶኛው ያድጋል፤ የመሸነፍ ዕድሉም አብሮ ያድጋል።

መቶኛው በትንሽ ነገር እንደሚለዋወጥም ማወቅ ደግ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው 2.10 አብዛኛውን ጊዜ መሐለኛ ዋጋ ነው፤ ገዢ 2.00 ይሰጣል፣ ሻጭ 2.20 ይጠይቃል። የ95ቱም እንዲሁ 0.80 እና 1.00 ሊሆን ይችላል። በመሐለኛው ዋጋ ላይ የሚስማማ ሰው እስኪገኝ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣ ሰው በ2.00 ሸጦ በ1.00 ይገዛል፤ ክሬዲቱ 100 ዶላር ብቻ ይሆናል። ያኔ ከፍተኛው ኪሳራ 400፣ ብሬክኢቨኑ 99፣ መቶኛው 25 ነው። ላለመክሰር የሚያስፈልገው ድልም ከ76 ወደ 80 ከፍ ይላል። በአንዲት ጠቅታ። ኮሚሽኑም አለ፤ በአንድ ውል 65 ሳንቲም የሚያስከፍል ብሮከር ከሆነ፣ ሁለቱን ለመክፈትና ሁለቱን ለመዝጋት 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይወጣል። ከ120 ላይ ብዙም አይሰማም። የስትራይኮቹ ልዩነት 1 ዶላር ብቻ ሆኖ ክሬዲቱ 20 ዶላር ሲሆን ግን ያው 2.60 ከትርፉ 13 በመቶውን ይወስዳል።

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ሁለቱ ፑቶች አብረው እንደሚኖሩና አብረው እንደሚያልቁ። 380 ጣሪያ የሚሆነው ይህ እስከጸና ድረስ ነው። ዓርብ አክሲዮኑ 97 ላይ ዘጋ እንበል፤ እርስዎም ውሉን ሳይዘጉ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደዋል። የሸጡት የ100 ፑት ዋጋ ስላለው ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፤ በማግስቱ ሂሳብዎን ሲከፍቱ 100 አክሲዮን በ10,000 ዶላር ገዝተው ይገኛሉ። የገዙት የ95 ፑት ደግሞ 97 ላይ ምንም ስለማያወጣ ሞቷል። መከላከያው ሄዶ ግዴታው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ክፉ ዜና ቢመጣና ሰኞ ጠዋት ገበያው በ90 ቢከፈት፣ በ100 የገዙት አክሲዮን 1,000 ዶላር ወርዷል። 120ው ሲቀነስ ኪሳራዎ 880 ነው። ስክሪኑ ላይ «ከፍተኛ ኪሳራ 380» ተብሎ ተጽፎ የነበረው ውሸት አልነበረም፤ ዓርብ ማታ ላይ አብቅቷል እንጂ።

አደጋውን ቀድሞ ማወቅ አያስቸግርም። በማብቂያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዋጋው በሁለቱ ስትራይኮች መካከል ወይም አጠገባቸው ከሆነ፣ በኒውዮርክ ሰዓት ገበያው 4 ሰዓት ላይ ሳይዘጋ ስፕሬዱን መልሶ መግዛት ነው። 97 ላይ 300 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ 180ውን ከስረው ይወጣሉ፣ ቅዳሜንም በሰላም ያድራሉ። ዋጋው 100.20 ሆኖ «አምልጫለሁ» የሚል ሰውም ቢጠነቀቅ ይሻላል፤ የፑቱ ባለቤት መብቱን ለመጠቀም ገበያው ከተዘጋ በኋላም እስከ 5፡30 ጊዜ አለው። በዚያ ሰዓት ተኩል ውስጥ ዜና ቢወጣና አክሲዮኑ ቢወድቅ፣ አምልጫለሁ ያለው ሰው ባለ 100 አክሲዮን ሆኖ ያድራል።

ውሉ ሳያልቅ ቀድሞ «ግዛኝ» መባልም አለ፤ አክሲዮኑ ከስትራይኩ በታች በጣም ሲወርድ ይከሰታል። በድንገት 10,000 ዶላር ዕዳ ሂሳብ ላይ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይኼኛው ከዓርቡ ይቀላል። የ95 ፑትዎ ገና በሕይወት አለ። በእሱ አክሲዮኑን በ95 ቢሸጡት 500 ሄዶ 120 ተመልሶ ያው 380 ነው። ፑቱ ገና ቀን ከቀረውና ዋጋውን ካልጨረሰ ደግሞ አክሲዮኑንና ፑቱን ለየብቻ ገበያ ላይ መሸጥ ጥቂት ዶላር ሊያተርፍ ይችላል፤ ሁለቱን ዋጋ ደምሮ ከ95 ጋር ማነጻጸር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግል አንድ ዓይነት ውል አለ፤ በኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ ላይ የሚሸጠው የኤስፒኤክስ ኦፕሽን። አክሲዮን እጅ በእጅ አይለዋወጥበትም፤ ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ተሰልቶ ያልቃል፤ ቀድሞም «ግዛኝ» የሚል የለም። የስትራይኮቹ ልዩነት 5 ነጥብ ከሆነ ጣሪያው እዚህም 500 ዶላር ነው። የራሱ ጠባይ ግን አለው። በየወሩ ሦስተኛ ዓርብ የሚያልቀው መደበኛው ውል ግብይቱ የሚያቆመው ሐሙስ ነው፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ ጠዋት አክሲዮኖቹ በተከፈቱበት ዋጋ ነው። በመካከሉ ያለውን ሌሊት ተቀምጦ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም። ሐሙስ ማታ ያተረፈ የመሰለ ውል ዓርብ ጠዋት ሙሉውን 380 ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ከኮሚሽኑ በቀር ከዚያ በላይ ግን አይወስድም።