በመሃል ሥራ ያቆማችሁበትን ጊዜ በሲቪ ላይ እንዴት ትጽፉታላችሁ?



በ2016 ዓ.ም ክረምት፣ ዲላ ላይ አብራኝ ታስተምር የነበረች አንዲት እህት ሲቪዋን ይዛ መጣች። ለሦስት የግል ትምህርት ቤቶች አስገብታ ከአንዱም አልተጠራችም። «ሦስት ዓመት ቤት ስለተቀመጥኩ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ሳየው ግን ችግሩ ቤት መቀመጧ ሳይሆን አጻጻፏ ነበር።

«የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር የመጀመሪያው መስመር ከ2008 እስከ 2013 ማስተማሯን ይናገራል። ቀጥሎ ስድስት መስመር የሚሆን ታሪክ አለ፦ አባቷ ኩላሊታቸውን መታመማቸው፣ ለዲያሊሲስ ሀዋሳ መመላለሳቸው፣ ወንድሞቿ ውጭ አገር በመሆናቸው ሌላ አስታማሚ አለመኖሩ፣ የተበደሩት ገንዘብ፣ በመጨረሻም የአባቷ ሞት፣ አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በታች ደግሞ «2022 – 2023፣ ይርጋጨፌ፣ የእሸት ቡና ርክክብ መዝጋቢ» ይላል።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እንመልከት። የማስተማር ሥራዋን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈችው። የቡናው ሥራ ውል በእንግሊዝኛ ስለነበር እሱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ገለበጠችው። ሲቪውን በችኮላ የሚያይ ርዕሰ መምህር 2013ን አይቶ ቀጥሎ 2022ን ሲያነብ ሦስት ዓመት ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት የጠፋ ሰው ነው የሚታየው። ቁጭ ብሎ የሚቀንስልን የለም። ስለዚህ አንድ ሲቪ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር፤ የትኛው እንደሆነም ከላይ አንድ ጊዜ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» ተብሎ ይጻፍ።

ለመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በእንግሊዝኛ የምታስገቡ ከሆነ ሁሉንም ወደ እ.ኤ.አ መቀየር ይሻላል። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው በሁሉም ላይ ስምንት ይደምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። መስከረም 2008 ማለት ሴፕቴምበር 2015 እንጂ 2016 አይደለም። ስምንት የደመረ ሰው የሠራበትን አንድ ዓመት በገዛ እጁ ይሰርዛል፤ ሲቪውም ከልምድ ደብዳቤው ጋር አይገጥምም።

ቀጥሎ ባዶ የሆነው ጊዜ በትክክል ስንት እንደሆነ ቆጠርን። ሥራ የለቀቀችው በሰኔ 2013 መጨረሻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለመምህር ክረምት ናቸው፤ ማንም እንደ ክፍተት አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ከማስተማር የራቀችው 2014፣ 2015 እና 2016 ሦስት የትምህርት ዘመን ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር 2015 አክስቷ አባቷን ሲያስታምሙላት እሷ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ሠርታለች። ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና እየመዘነች፣ ስምና ኪሎ እየመዘገበች፣ ማታ ማታ ከገንዘብ ያዡ ጋር ሒሳብ ታመሳክር ነበር። ጌዴኦ ውስጥ በቡና ወቅት እንዲህ የሠራ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን «የወቅት ሥራ ነው» ብሎ አይጽፈውም። መጻፍ አለበት። ወራቱን ግን እንዳለ ጻፉት፤ አራት ወር የሠሩትን «2015» ብሎ ብቻ በመጻፍ ዓመት ማስመሰል ልምድ ደብዳቤው ሲቀርብ ያጋልጣል። ደብዳቤው ቀንና ወር አለው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትወዳደሩ ከሆነ ደግሞ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ብዙ ማስታወቂያዎች ይጠይቃሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን ስትቀበሉ ይህንንም አብራችሁ አጽፉ።

ከዚያ ወደ ስድስቱ መስመሮች መጣን። ቀሪዋ ጸሐፊም ሆነ ርዕሰ መምህሩ ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ጊዜው መቼ ጀምሮ መቼ አለቀ፣ በጥቅሉ ምክንያቱ ምን ነበር፣ አሁን ለሥራ ዝግጁ ነሽ ወይ። የኩላሊቱ ሕመም የአባቷ ነው፤ ብድሩ የቤተሰቡ ነው። የሌላ ሰው ገመና ያለበትን ወረቀት ሰባት ቢሮ ውስጥ መበተን አያስፈልግም። የጻፍነው ይህ ነው፦

ከመስከረም 2014 – ነሐሴ 2016፦ የቤተሰብ አባል በማስታመም ምክንያት ከመምህርነት ሥራ ውጭ (ኃላፊነቱ ተጠናቋል)
ከጥቅምት 2015 – ጥር 2015፦ የእሸት ቡና ርክክብ መዝጋቢ፣ ይርጋጨፌ

«ተጠናቋል» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ቀጣሪው የሚፈራው ያለፈውን ሳይሆን ነገ ሰኞ ጠዋት ክፍል ባዶ መሆኑን ነው። ነገር ግን እውነት ካልሆነች አትጻፍ። አሁንም በሳምንት አንድ ቀን እናታችሁን ሆስፒታል የምታደርሱ ከሆነ ሲቪው ላይ ዝም በሉና ቃለ መጠይቁ ላይ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ባይመደብልኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ያልተጠየቁትን ገመና መሸፈን ይፈቀድልናል፤ ሥራውን የሚነካ ነገር ደብቆ መፈረም ግን ማታለል ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱ።

አንዳንዱ ሰው ክፍተቱን ለመሙላት የዘመዱን ሱቅ «ሥራ አስኪያጅ» ነበርኩ ብሎ ደብዳቤ ያጽፋል። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት። ሱቁንም ባለሱቁንም ቃለ መጠይቅ አድራጊው ያውቃቸዋል።

የራስን ሕመም በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ቢታመም በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። በዚህ ፈቃድ ላይ ሳላችሁ ውሉ አልተቋረጠም። ስለዚህ አምስት ወር ታምማችሁ ወደዚያው ሥራ ከተመለሳችሁ ሲቪ ላይ የሚገለጽ ክፍተት የለም፤ ሥራው ቀጣይ ነው። የቤተሰብ አባል ለሚያስታምም ግን ሕጉ ያለው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው አስታማሚ ሥራውን ለቅቆ የሚሄደው።

ሕመሙ ረዝሞ ሥራ ከለቀቃችሁ «በጤና ምክንያት፤ አሁን ለሥራ ዝግጁ» የሚለው ይበቃል። የሕመሙን ስም አትጻፉ። የሆስፒታል ሪፈር ወረቀት ወይም የአልጋ መውጫ ማስረጃ ከማመልከቻ ጋር አያይዞ የሚያስገባ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አዝኖለት የቀጠረው ግን አላየሁም። የጤና ማስረጃ ጊዜው ሲመረጡ ነው። ሐኪሙም የሚጽፈው ለሥራው ብቁ መሆን አለመሆናችሁን ነው። ለመንግሥት ቅጥር የሚጠየቀው ምርመራ ኤች አይ ቪን አይጨምርም። ብዙዎቻችን ከአሮጌ ናሙና እየገለበጥን የምናስገባትን «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ» የምትል መስመርም አውጧት፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ትከፍታለች።

የልምድ ደብዳቤያችሁንም አንብቡት። አዋጁ አሠሪው በነጻ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። የለቀቃችሁበት ምክንያት ከእነዚህ ውስጥ የለም። ደብዳቤው ላይ «በተደጋጋሚ በመታመሙ» ተብሎ ከተጻፈ፣ እንዲወጣላችሁ በትሕትና በማመልከቻ ጠይቁ። ሲቪያችሁ የሸፈነውን ደብዳቤው ይገልጠዋልና።

ስደት ደርሶ የተመለሰ ሰው ጉዳይ ለየት ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ ሥራ ነበር። አረብ አገር የቤት ሠራተኛ የነበሩ እህቶች ብዙ ጊዜ አፍረው ዓመታቱን ባዶ ይተዋሉ፤ ባዶው ደግሞ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። «ከ2012 – 2014፣ በውጭ አገር በቤት ውስጥ ሥራ ተቀጥሬ» በቂ ነው። አረብኛ መናገር ከቻላችሁ «ቋንቋ» በሚለው ሥር ይግባ። ደመወዝ መከልከሉ፣ ከአሠሪ ቤት መውጣቱ፣ በምን ሁኔታ መመለሳችሁ ሲቪ ላይ ቦታ የለውም። የተመለሳችሁበት ወር ብቻ ይበቃል።

እዚህ ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ በ2010 ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ መምህርና የጤና ሠራተኛ አለ። ለእነሱ «ሚያዝያ 2010፣ በመፈናቀል ምክንያት ሥራ ተቋርጧል» የሚል አንድ መስመር እንዲጽፉ እመክራለሁ። ማን ምን አደረገ የሚለው አይጻፍ። ቅጥር ኮሚቴው ውስጥ የማን ወንድም እንደተቀመጠ አይታወቅም፤ ቁስሉም ገና አልደረቀም። የትምህርት ማስረጃው በዚያ ጊዜ የጠፋበት ሰው ደግሞ ከተማረበት ተቋም ምትክ ሳይጠይቅ ሲቪውን ቢያሳምር ዋጋ የለውም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። እህታችንን አስቀድሜ እየጠየቅኋት ጮክ ብላ አለማመድኳት። የተስማማንበት መልስ ይህ ነው፦ «አባቴን ሳስታምም ነበር። እሳቸው አርፈዋል፣ ኃላፊነቱም አልቋል። ከመስከረም 1 ጀምሮ ሙሉ ጊዜ መሥራት እችላለሁ።» ከዚያ ዝም። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ ሰው ዝምታውን ለመሙላት ሲል ነው ስለ ብድሩ የሚያወራው። «ሕመማቸው ምን ነበር?» ብለው ቢቀጥሉ «እሱን ለቤተሰብ ልተወው» ማለት ነውር የለበትም። ቀጥሎ ስለ ትምህርቱ አንድ ነገር ማንሳት ወሬውን ይመልሰዋል። እሷ በመሃል የተለወጠውን የመማሪያ መጽሐፍ ገዝታ ማንበቧን ተናገረች፤ በእርግጥም አንብባው ነበር።

የምስክር ስም ከሰጣችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉላቸውና ያንኑ አንድ መስመር ንገሯቸው። እህታችን የቀድሞ ኃላፊዋን ስልክ ጽፋ ነበር። እሱም ሲደወልለት ጠንካራ መምህር መሆኗን ለመናገር ብሎ «ምስኪን፣ ስንት መከራ አየች» ብሎ ይጀምር ነበር። ከተነጋገሩ በኋላ ስለ ማስተማሯ ብቻ ተናገረ። መስከረም 2017 ላይ ክፍል ገባች፣ አልሐምዱሊላህ።