የሳጥኑ ግርጌ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ጃንሜዳ ላይ ነበር። ኮሮና ከገባ በኋላ ነጋዴው ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ሜዳው የተዛወረው ሰው ተራርቆ እንዲገበያይ ተብሎ ነው፤ ዝናቡ ሲጠና ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት በየማለዳው ቦቲዋን አጥልቃ እዚያ ትወርድና አንድ ሳጥን ቲማቲም አሸክማ ትመለሳለች። ሰኔ ላይ በእጇ የነበረው ገንዘብ ሐምሌ ሲጋመስ እኩሌታው አልነበረም። የት እንደገባ ግን አላወቀችም።

መጀመሪያ ዋጋውን ጠረጠረች፤ ነገር ግን በኪሎ 20 ብር ገዝታ በ28 ነው የምትሸጠው። ቀጥላ ተሸካሚውን ጠረጠረችው፤ እሱም ሳጥኑን ከዓይኗ አላራቀም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የዋለችው የሰባተኛ ክፍል ልጇ፣ «እማዬ፣ እስኪ አንዱን ሳጥን እስኪያልቅ ድረስ እንጻፈው» አለቻት።

ጻፉት። 50 ኪሎ ቲማቲም 1000 ብር፣ ለተሸካሚና ለመኪና 60 ብር። ከዚያ ውስጥ በ28 ብር የተሸጠው 27 ኪሎ ብቻ ሆነ። 8 ኪሎው ላልቶ በ10 ብር ሄደ። 15 ኪሎው ተጣለ። የገባው 836 ብር፣ የወጣው 1060። ሳጥኑን ሙሉ ቀን ዝናብ ላይ ተቀምጣ የሸጠችው 224 ብር ከኪሷ ጨምራ ነበር።

ልጅቷ የተጣለው ከየት እንደመጣ ለማየት ሳጥኑን እያራገፈች ሄደች። ላይኛው ድርድር ጠንካራና ቀይ ነው። መሐሉ ላይ ቆዳቸው የተሰነጠቀ ታየ፤ ዝናብ የበዛበት ቲማቲም ውኃ ስለሚሞላ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ግርጌው ላይ የፈነዱት ቲማቲሞች ጭማቂ ጎረቤቶቻቸውን አርጥቦ፣ ነጭ ሻጋታ እንደ ድር ተያይዞ ነበር። ነጋዴዋ ስትገዛ የምታየው ላዩን፣ የምትከፍለው ግን ለግርጌው ጭምር ነበር። ዋጋ ብትጨምር ገዢ ይሸሻል፤ ብትቀንስ ኪሳራው ይሰፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሽንኩርት ይይዝ ነበር። እሷ ግን ሽንኩርትም በክረምት እንደሚበሰብስ ታውቃለች። ይልቅ ደንበኞቿን አስተዋለች። በየቀኑ ይመጡ የነበሩት ሴቶች በሽታውን ፈርተው በሳምንት አንዴ ብቻ ይወጣሉ። አንዷ ዘንቢሏን እያስጠጋች፣ «እትዬ፣ ቲማቲሙስ እስከ ነገም አይቆይልኝ፤ ነጭ ሽንኩርት የለሽም?» አለቻት። በሳምንት አንዴ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ሳምንት የሚቆይ ነገር ነው። የክረምቱ መውጫ መንገድ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበር፤ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ጥያቄ «የለኝም» ብለን እናልፈዋለን።

በቀረው ገንዘብ 10 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት በ120 ብር ሒሳብ ያዘች። የመጀመሪያው ግዢ አልሰመረም፤ በላስቲክ አስራ ብታስቀምጠው አላበው፣ ጥቂቱም አጎነቆለ። ሁለተኛውን 10 ኪሎ ስትገዛ እያንዳንዱን ራስ በጣቷ ጫነችው። አንገቱ የደረቀ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ ሲጫኑት የማይለሰልስ ከሆነ አነሣችው። ቤት ስትገባ በመረብ ከረጢት አድርጋ ከወለል ከፍ ካለ ጣውላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥግ አኖረችው። ከ10 ኪሎው አንዱ በድርቀትና በልጣጭ ቢጎድልም 9 ኪሎው በ150 ብር ተሸጦ 1350 ብር ገባ። ከነጭ ሽንኩርቱ ጎን ደረቅ ዝንጅብል ጨመረች። ትርፉ ትልቅ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት እንደ ቲማቲም በአንድ ቀን አያልቅምና ገንዘቧ ለቀናት ይታሰራል። የሚጣል ነገር ግን አልነበራትም።

«ኮሮናን ያድናል ወይ?» የሚላት ነበር። «እኔ ለወጥ ነው የምሸጠው» ትላለች። እንዲህ ብላ በመመለሷ አከብራታለሁ፤ በዚያ ወቅት በዚህ ወሬ ዋጋ መስቀል ቀላል ነበርና።

ነሐሴ ሲጋመስ ፍልሰታ ተፈታ፣ ቅዱስ ዮሐንስም ቀረበ። ቅቤ የሚያነጥረው ሰው ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ እርድና አብሽ ይፈልጋል። ኮረሪማውን ሳታስፈጭ ከነቅርፊቱ ሸጠች፤ የተፈጨ ቅመም ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይለይ ገዢው ይጠራጠረዋል። እርዱንና አብሹን በሲኒ እየሰፈረች፣ ለአንድ ማንጠሪያ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጠቅልላ አቀረበች። በበዓሉ ማግስት ሐምሌ ላይ ያጣችውን ገንዘብ መልሳ ይዛ ነበር።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ቲማቲም እንደገና ያዘች። አሁን የምትገዛው ግማሽ ሳጥን ነው፤ ከመክፈሏም በፊት ግርጌውን ታራግፋለች።