ምንባቡ አንድ ይላል፣ መምህሩ ሌላ

ኮምፒውተሩ ላይ ከ230 እስከ 300 ቃላት የሚሆን የእንግሊዝኛ ምንባብ ይመጣል። ተፈታኙ እንዲያነበው 3 ደቂቃ ይሰጠዋል። ጊዜው ሲያልቅ ምንባቡ ይሰወርና አንድ መምህር በዚያው ጉዳይ ላይ 2 ደቂቃ ያህል ሲያስረዳ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። መምህሩ ከምንባቡ ጋር አይስማማም። ንግግሩ አንዴ ካለፈ አይደገምም። ከዚያ ምንባቡ ተመልሶ ይመጣል፤ ተፈታኙ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ከ150 እስከ 225 በሚሆኑ ቃላት፣ መምህሩ የተናገረው ምንባቡን በምን በምን እንደሚሞግት ጠቅለል አድርጎ ይጽፋል።

ይህ ጥያቄ የመጣው ቶፍል እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት መሰጠት ሲጀምር ነው። ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ፈተናው በ2026 መጀመሪያ እንደገና ሲዋቀር ከቶፍል ወጥቷል። ልምምዱን ግን ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ተማሪ አሁንም እመክራለሁ። እዚያ የሚጠብቀው ሥራ ይኸው ነውና፦ ማታ ያነበበውን ጽሑፍ ጠዋት መምህሩ ሲሞግተው መስማት፣ ከዚያም ሁለቱን አገናኝቶ መጻፍ። የእኛ አገር የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ፣ ብዙ ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሳይሞክር ነው ትምህርት ቤት የሚጨርሰው።

ሁላችንም በምናውቀው ነገር እንየው። ምንባቡ ስለ ባሕር ዛፍ ነው እንበል፤ ለምሳሌ እንዲሆን እኔው ያዘጋጀሁት ነው። ጸሐፊው ባሕር ዛፍ ጎጂ ነው ይልና ሦስት ምክንያት ይሰጣል። ውኃ በብዛት ስለሚጠጣ ምንጭ ያደርቃል፤ ቅጠሉ መሬቱን ስለሚያበላሽ ከሥሩ ሌላ ተክል አይበቅልም፤ የአገር በቀሉን ደንም ተክቶ አጥፍቶታል። የዚህ ፈተና ምንባቦች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አንድ አቋምና ሦስት ምክንያት ይዘው ይመጣሉ። መምህሩም በተራቸው ሦስቱን እያነሳ ይሞግታል።

ስለዚህ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ይክፈለው። በግራ በኩል ሦስቱን ምክንያቶች በአጭር በአጭሩ ያስፍርና የቀኙን ባዶ ይተወው። ምንባቡ በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ከእሱ ብዙ መገልበጥ አያስፈልግም። ተመልሶ የማይመጣው ንግግሩ ነው፤ ወረቀቱም እጁም ለእሱ መቆየት አለባቸው።

አሁን መምህሩ ይናገራል። «እርግጥ ነው፣ ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ነገር ግን በጠጣው ውኃ ልክ የሚሰጠው እንጨት ብዙ ነው። ምንጭ የሚደርቀው ዛፉ ምንጩ አጠገብ ሲተከል ነው፤ ችግሩ የተተከለበት ቦታ ነው።» ይቀጥላል። «ከሥሩ ሌላ ተክል አይታይም የተባለውም ሰዎች ቅጠሉን ለማገዶ ጠርገው ስለሚወስዱትና ከብት ስለሚገባበት ነው። ዛፎቹ ተራርቀው በቆሙበትና ሰውም ከብትም በማይነካቸው ቦታ አገር በቀል ችግኞች ከሥራቸው ሲበቅሉ ታይቷል።» በመጨረሻም፦ «አዲስ አበባን ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲመጣ በዙሪያዋ ያለው ደን አስቀድሞ ተመናምኖ ነበር። ዛፉ የመጣው ለጠፋው ማገዶ መተኪያ ሆኖ ነው።»

ሦስቱ ተቃውሞዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በመጀመሪያው መምህሩ እውነታውን ተቀብሎ ጥፋቱን ከዛፉ ወደ አተካከሉ አዛወረው። በሁለተኛው የታየውን ነገር አልካደም፤ መንስኤው ሌላ ነው አለ። በሦስተኛው ደግሞ የነገሩን ቅደም ተከተል ገለበጠው፤ ደኑ የተመናመነው ከባሕር ዛፍ በፊት ነው። ጥሩ መልስ የሚለየው ይህን ልዩነት በማሳየቱ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጸሐፊው ዛፉ ውኃ ይጠጣል ይላል፤ መምህሩ ግን አይስማማም» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ቃሉ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ምንም አልነገረንም። በምኑ ነው ያልተስማማው? ከአምስት በሚሰጠው ነጥብ፣ ግንኙነቱን እንዲህ በደፈናው የሚያልፍ ወይም ከመምህሩ ዋና ነጥቦች አንዱን የሚዘል መልስ ሦስት አካባቢ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ያለው «እርግጥ ነው» በምትለው ቃል ላይ ነው። መምህር ሲከራከር መጀመሪያ ትንሽ ይሰጥና በኋላ ይነሳል። ባዕድ ቋንቋ እየሰማ በጥድፊያ የሚጽፍ ሰው የተሰጠውን ይይዝና ማፍረሻው ያመልጠዋል፤ መልሱ ላይም «መምህሩ ዛፉ ብዙ ውኃ እንደሚጠጣ ከጸሐፊው ጋር ይስማማል» ብሎ ያርፋል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። መምህሩ ተቃዋሚ መሆኑን ስለሚያውቅ ብቻ «ዛፉ ውኃ አይጠጣም ይላል» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ይህን አላለም። ሁለቱም ስህተቶች ማስታወሻው ላይ ይታወቃሉ፤ በቀኝ ረድፍ «ነገር ግን» ከሚለው በኋላ የተጻፈ ነገር ከሌለ ነጥቡ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ በደንብ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ጸሐፊው ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት ስለሚጠጣ ምንጭ ያደርቃል ይላል። መምህሩ ዛፉ ብዙ ውኃ እንደሚወስድ ባይክድም፣ ከውኃው አንጻር የሚያስገኘው እንጨት ብዙ መሆኑን ያስረዳል። በእሱ አመለካከት ምንጭ የሚደርቀው ሰዎች ዛፉን ምንጭ አጠገብ ሲተክሉት ስለሆነ፣ መታረም ያለበት የሚተከልበት ቦታ ነው።» የምንባቡ ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የመምህሩ ሁለት። የማን ሐሳብ እንደሆነም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ይታወቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብም በዚሁ መጠን ሲጻፉና ከላይ አንድ መግቢያ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር የሚፈለገው ርዝመት ይሞላል። መደምደሚያ አንቀጽ አያስፈልግም።

ሚዛኑ ሲዛባ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ምንባቡ ዓይናቸው ፊት ስላለ ብዙዎች ከእሱ እየቀዱ ገጹን ይሞላሉ። ከንግግሩ ትርጉም ያለው ነገር የሌለበት መልስ፣ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከአንድ ነጥብ አያልፍም፤ የምንባቡን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ የገለበጠ ደግሞ ዜሮ ያገኛል።

የእኛን ተማሪ በተለይ የሚፈትነው የራሱ አስተያየት ነው። ባሕር ዛፍ አያቱ ማሳ ዳር ሲቆም አይቷል፤ ምንጭ ሲደርቅም አይቶ ይሆናል። ስለዚህ «መምህሩ ተሳስቷል፣ በእኛ ቀበሌ...» ብሎ ሊጀምር ይከጅለዋል። ጥያቄው ግን ማን ትክክል እንደሆነ አይጠይቅም። ዳኝነቱ የአያቱን ማሳ በሚያውቅ ሰው አፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን ቦታ የለውም፣ ለመምህሩ ነጥብ የሚገባውን ቦታም ይወስዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ሳይሰማ ቢያመልጥስ? ይህ የሚደርስ ነገር ነው። አንዳንዱ ተማሪ የምንባቡን ምክንያት ገልብጦ የመምህሩ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ግምቱ የመምህሩን ቃል ካጣመመው ግን ከዝምታ የባሰ ያስቀንሰዋል። የተሻለው ሁለቱን በሚገባ ዘርዝሮ፣ ከሦስተኛው በእርግጥ የሰማውን ያህል ብቻ መጻፍ ነው፦ መምህሩ አዲስ አበባን ጠቅሷል፣ ደኑ አስቀድሞ ተመናምኖ ነበር ብሏል። ይህችው ቁራጭ እንኳ ጸሐፊው «ደኑን ተክቶ አጥፍቶታል» ካለው አጠገብ ስትቀመጥ፣ ግጭቱ የቱ ጋ እንዳለ ለአራሚው ታሳያለች።