የማይነበብ አሊፍና ነጥብ የሌለው ያ
ስለ ዐረብኛ ትክክለኛ አጻጻፍ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ያካሄደውን ጦርነት የሚያጠና ሰው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የተባለውን የዐረብኛ መጽሐፍ ሳይመለከት አያልፍም። መጽሐፉ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ባይደርስም፥ ፍጻሜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1543 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ሆኖአልና ነገሩ የፎገራንና የአካባቢውን ተማሪ በቅርብ ይነካዋል። ዐረብኛ የሚያነብ ተማሪ ግን በቃላት መጨረሻ ላይ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ያሳስቱታል። በዚህ ጽሑፍ ግእዝን መነሻ አድርገን እነዚህን ልናስረዳ እንሞክራለን።

የመጀመሪያው አሊፍ መቅሱራ የሚባለው ነው። በቃል መጨረሻ የሚሰማው ረዥም «ኣ» በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ አንዳንዱ በቆመው አሊፍ፥ አንዳንዱ ደግሞ ነጥብ በሌለው በያ መልክ ይጻፋል። ለጆሮ ልዩነት የላቸውም። የሚለያቸው የግሱ ሦስተኛ ፊደል ነው።

በፎገራ ሜዳ ከብት ማሰማራትን ግእዝ «ርዕየ» ይለዋል፤ ዐረብኛው «ረዓ» ነው። በግእዙ መጨረሻ «የ» ስላለ ዐረብኛውም በያ መልክ ይጻፋል። «ተከተለ» ለማለት ግን ግእዝ «ተለወ» ሲል ዐረብኛ «ተላ» ይላል፤ መጨረሻው «ወ» ስለሆነ በቆመው አሊፍ ይጻፋል። በራሱ በዐረብኛ መመርመር ለሚፈልግ፥ ግሱን በ«እኔ» መናገር ይበቃል፤ «ረዐይቱ» ሲል ያው፥ «ተለውቱ» ሲል ዋው ይገለጣል።

በግእዝ ብቻ መተማመን ግን አይገባም። ግእዝ «አተወ» የሚለውን ዐረብኛ «አታ» ይላል፤ በ«እኔ» ሲነገር ግን «አተይቱ» ስለሚሆን የሚጻፈው በያ መልክ ነው። ስለዚህ ግእዝ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ደግሞም ቃሉ ከሦስት ፊደል በላይ ከሆነ ሥሩ ዋው ቢሆንም በያ መልክ ይጻፋል። ከዚህ የሚወጣው ከመጨረሻው በፊት ያ ያለበት ቃል ነው፤ «ዱንያ» በቆመው አሊፍ የሚጻፈው ሁለት ያ እንዳይከታተል ነው። «የሕያ» የሚለው የሰው ስም ግን ይህን ደንብ አይከተልም።

ያ ራሱ በመጨረሻ ሲመጣና «ኢ» ሲነበብ ከሥሩ ሁለት ነጥብ ይደረግለታል። ለምሳሌ «ረዓ» (አሰማራ) ነጥብ የለውም፤ «አር-ራዒ» (እረኛው) ግን ነጥብ አለው። ሆኖም በግብፅ በታተሙ ብዙ መጻሕፍት፥ በ1924 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) በካይሮ በታተመው ቁርአን ጭምር፥ የመጨረሻው ያ ነጥብ አይደረግለትም። በዚህ ጊዜ «ዐሊ» የሚለው የሰው ስምና «ዐላ» (በላይ) የሚለው መስተዋድድ በመልክ አንድ ይሆናሉ፤ የሚለያቸውም የዐረፍተ ነገሩ ስሜት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከብዙ ቁጥር ዋው በኋላ የሚጻፈው የማይነበብ አሊፍ ነው። «ከተቡ» (ጻፉ) ሲባል ከዋው ቀጥሎ አሊፍ ይጻፋል፥ ግን አይነበብም። ተሳቢ ተውላጠ ስም ሲቀጠልበት ይወድቃል። ዋው የግሱ ሥር በሚሆንበት ጊዜ ግን አሊፉ አይገባም። ከኢማሙ «አልጋዚ» ከሚለው መጠሪያ ጋር ሥሩ አንድ የሆነውን «ገዛ» (ዘመተ) የሚለውን ግስ እንውሰድ። ከአማርኛው «ገዛ» ጋር አይገናኝም፤ ሥሩም ዋው ነው። «የግዙ» (ይዘምታል) ያለ አሊፍ ይጻፋል፤ «ለም የግዙ» (አልዘመቱም) ግን በአሊፍ ይጻፋል።

አሁን ራሳችን ያዘጋጀነውን አንድ ዐረፍተ ነገር እንመልከት፤ «ኢማሙ ... ይዘምት ዘንድ ፈለገ»። በዐረብኛው ከ«አን» በኋላ የሚመጣው ግስ ያለ አሊፍ ከተጻፈ «የግዙወ» ተብሎ ይነበባል፤ ዘማቹም ኢማሙ ራሱ ነው። አሊፍ ቢጨመርበት «የግዙ» ይሆንና «ይዘምቱ ዘንድ ፈለገ» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዘማቾቹ ሰዎቹ ናቸው። የአናባቢ ምልክት በሌለው ጽሑፍ ይህን የሚወስነው አንድ አሊፍ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በእጅ ጽሑፍ ላይ አሊፉን አይቶ ወዲያው መፍረድ አይገባም። በቁርአን ጥንታዊ አጻጻፍ አሊፉ ከሥር ዋው በኋላም ይገኛል፤ በ98ኛው ምዕራፍ «የትሉ» (ያነባል) የሚለው ለአንድ ሰው ሲሆን በአሊፍ ተጽፎአል። በቁርአን ንባብ ያደገ ጸሐፊም ልማዱን ወደ ሌላ ጽሑፍ ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ አጥኚው አስቀድሞ ያው ጸሐፊ በሌሎች ገጾች ላይ ስለ አንድ ሰው የተነገሩትን በዋው የሚጨርሱ ግሶች እንዴት እንደጻፋቸው ይመርምር። በእነርሱም ላይ አሊፍ ካኖረ፥ አሊፉ የዘማቾቹን ቁጥር አያስረዳም። በእነርሱ ላይ ካላኖረ ግን ምስክርነቱ ይታመናል።