አንድ በር፣ አራት ቤተሰብ

ጀጎል ውስጥ በር መቁጠር ቤተሰብ መቁጠር አይደለም። ይህን የተማርኩት አቦከር ላይ የሕፃናት ክትባት ጥናት ስንሠራ ነው። ከጠባቡ መንገድ የሚታየው አንድ በር ብቻ ነው፤ ሲከፈት ግን ግቢ አለ፣ በግቢው ዙሪያ ደግሞ ሦስትም አራትም ቤተሰብ። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን መጀመሪያ በሩን እንደ አንድ ቤት መዝግበውት ነበር። በዚያ መዝገብ ዕጣ አውጥተን ከየበሩ አንድ ቤተሰብ ብንጠይቅ ኖሮ፣ ግቢውን ብቻውን የያዘ ሰው በአንድ ግቢ ከሚኖሩት አራት ተከራዮች ከእያንዳንዳቸው አራት እጥፍ የመመረጥ ዕድል ይኖረው ነበር። ዕጣው ምንም ንጹሕ ቢሆን መዝገቡ አስቀድሞ አድልቷል።

እንደገና ዞርን። መለያችን ድስት ሆነ፤ አብረው የሚያበስሉና የሚበሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥተን መቃኑ ላይ በጠመኔ ጻፍን። 214 ሆኑ፤ የሚያስፈልጉን 28። በኤክሴል ከየቁጥሩ ጎን ይህን አስገባን፦

```
=RAND()
```

ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን የመጀመሪያዎቹን 28 ወሰድን። ቀመሩ ሰንጠረዡ በተነካ ቁጥር ቁጥሮቹን ይቀያይራል። ስለዚህ ከመደርደራችን በፊት ውጤቱን እንደ ቋሚ ቁጥር ገልብጠን አስቀመጥነው። አለበለዚያ ሩቅ ቤት የደረሰው አስተባባሪ «እስቲ አንዴ ድገመው» ማለቱ አይቀርም።

ድሮ በክትባት ጥናት መንደሩ መሃል ቆሞ እስክሪብቶ ማሽከርከርና ጫፉ ወዳመለከተው መሄድ የተለመደ ነበር። ጀጎል ውስጥ መሃሉ ፈረስ መጋላ ነው፤ ከዚያ የጀመረ ለገበያው ቅርብ የሆኑትን ያበዛል። መንገዱም አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ይታጠፋል።

137 ቁጥር የደረሳት እናት በሯ ዝግ ነበር። ጎረቤቷ አንዲት እናት ብቅ አሉና «ልጄ፣ እሷ ገበያ ናት። እኔ እያለሁ ምን ያስጠብቃችኋል? እኔን ጠይቁኝ» አሉን። ግብዣቸው ከልብ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢዋም ብዕሯን አውጥታለች። ነገር ግን ቀን ቤት የሚገኘው ማን ነው? አረጋዊ፣ አራስ፣ ሥራ የሌለው። ቀኑን ሙሉ ስትሸጥ የምትውል እናት ጤና ጣቢያ ለመሄድም ጊዜ ያጥራታል፤ ስለ ክትባት ልንጠይቃት የሚገባን ዋናዋ እሷ ነች። ባገኘነው ሰው ብንተካት የክትባቱ ሽፋን ከእውነቱ በላይ ተውቦ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የተመረጠ ቤተሰብ በሌላ እንዳይተካ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደንባችን ሦስት ጊዜ መመላለስ ነበር፣ አንዱ ከመግሪብ በኋላ። አበልም ጫማም ይበላል። የ137ቷን እናት በሦስተኛው አገኘናት፤ ዘንቢሏን እንኳ ሳታወርድ የልጇን ካርድ ፍለጋ ገባች። ከ28ቱ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተገኙም። ቅጹ ላይ «አልተገኘም» ብለን ጽፈን በ26 ዘጋነው።